አንድ ማንኪያ ከየትኛው ጠርሙስ?

«አንድ ማንኪያ ስጪው» የሚለውን ምክር መስማት ደክሞኛል። ሸዋሮቢት ላይ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ሁሉ የደከመው ይመስለኛል። ማዘዣ ላይ ተጽፎ ይመጣል፣ በስልክ ይነገራል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያቀብለዋል። ማንኪያው የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከየትኛው ጠርሙስ እንደሚቀዳ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል።

እኛ ቆላ ነን። ከጣርማበር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ ሰው ልብሱን የሚቀንስበት አገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየቦታው ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ወባው ይበረታል። ያኔ ከጀውሃም ከሰንበቴም ከገጠሩም ሕፃን ያዘሉ እናቶች ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ልጄን አተኮሰው፣ የትኩሳት ሽሮፕ ስጠኝ።» እኔም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ዕድሜው ስንት ነው፣ ኪሎው ስንት ነው፣ ቤት ውስጥ የጀመራችሁት መድኃኒት አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አዎ፣ ጎረቤቴ ከሰጠችኝ» የሚል መልስ አለው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ ስል ግን ፀሐዩና መንገዱ አለ፤ ማን ተመልሶ ይሄዳል?

ፓራሲታሞልን እንውሰድ፤ ከሁሉም በላይ የሚሸጠው እሱ ነውና። በመደርደሪያ ላይ ለልጆች ተብሎ የሚቀመጠው ፓራሲታሞል አንድ ዓይነት አይደለም። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ አለ። 125 የያዘም አለ። በዚያው 5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘ አለ። በጠብታ መልክ የሚመጣው ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ቀለማቸው ቀይ ወይም ሮዝ ነው፣ ጣዕማቸው ጣፋጭ ነው፣ ሽታቸው የእንጆሪ ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ አንዱ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ሌላው አራት ማንኪያ እንደገባበት በዓይን እንደማይለይ፣ እነዚህም በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። እሱንም ቁጥር አምራቾች ከንግድ ስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል ያትሙታል። ስሙ ከሩቅ ይነበባል፤ ልጁን የሚያድነው ወይም የሚጎዳው ቁጥር ግን መነጽር ይፈልጋል። ይህ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ስሌቱ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። የስምንት ወር ሕፃን አለች እንበል፤ ተመዝና 7 ኪሎ ሆናለች። የፓራሲታሞል መጠን በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ለእሷ ከ70 እስከ 105 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። ሐኪሙ 100 ሚሊ ግራም አዘዘ። ይህ መቶ የመድኃኒቱ ብዛት ነው፤ ስንት ፈሳሽ እንደሚቀዳ ገና አልነገረንም። እሱን ለማወቅ ጠርሙሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይወጣል። የ120ውን ጠርሙስ ይዘን 120ን ለ5 ስናካፍል 24 ይሆናል። ከዚያ የታዘዘውን 100 ለ24 እናካፍላለን፤ 4.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። የ125ቱ ጠርሙስ ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር 25 አለው፤ ልክ 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የ250ው ከሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 አለው፤ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ይበቃል። ጠብታው ከሆነ ደግሞ 1 ሚሊ ሊትር። ያቺው ሕፃን፣ ያው መቶ ሚሊ ግራም፣ ያው ትኩሳት ነው፤ የሚቀዳው ግን ከአንድ እስከ አራት ሚሊ ሊትር ይለያያል።

አሁን ስህተቱ እንዴት እንደሚገባ እንይ። እናትየው ባለፈው ወር ከ120ው ጠርሙስ 4.2 ሚሊ ሊትር እንድትሰጥ ተነግሯት ነበር። ያ ጠርሙስ አለቀ። በዚህ ወር ያገኘችው 250 የሚለውን ነው፤ ያኛው ከገበያ ጠፍቷልና። እሷ ግን በጭንቅላቷ የያዘችው ቁጥር 4.2 ነው፤ ያንኑ ትሰጣለች። 4.2 ሚሊ ሊትር ከዚህ ጠርሙስ 210 ሚሊ ግራም ነው፤ ለአንድ ኪሎ 30። በቀን አራት ጊዜ ከሰጠች ለአንድ ኪሎ 120 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መታለፍ የሌለበት ደግሞ ለአንድ ኪሎ 60 ነው። እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጠርሙሱ ጠብታ ቢሆንና ያንኑ 4.2 ብትሰጥ፣ በአንድ ጊዜ 420 ሚሊ ግራም ትሰጣለች። የቀኑን ሙሉ መጠን በአንድ ጉርሻ ጨረሰች ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ደግሞ ይቀራታል።

የሚያስፈራው ደግሞ ሕፃኗ ወዲያው ምንም ላታሳይ መቻሏ ነው። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ላብ ይወጣታል፣ ትተኛለች፤ ቤተሰቡ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ያመሰግናል። ማስታወክና መፍዘዝ ቢመጣ እንኳ በወባው ይመካኛል። የጉበቱ ጉዳት የሚታየው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ልጅ ከእንቅልፍ አልነቃ ሲል። ለዚህ መርዝ ማርከሻ አለው፤ አሴቲልሲስቲን ይባላል። ግን በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ መሰጠቱ የታወቀ ሕፃን ምልክት ሳይጠበቅ ጠርሙሱ ተይዞ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። «ደህና ናት እኮ» እየተባለ መቆየት የለበትም።

ስህተቱ ወደ ታችም ይሄዳል። ጠብታ ስትሰጥ የኖረች እናት «አንድ ሚሊ ነው የሚሰጠው» ብላ ታውቃለች። የ120ውን ሽሮፕ ስታገኝ አንድ ሚሊ ሊትር ትሰጣለች። ያ 24 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ለሰባት ኪሎ ሕፃን ምንም ማለት አይደለም። ትኩሳቱ አይወርድም። ከዚያ «ይሄ መድኃኒት አይሠራም፣ ጠንከር ያለ ስጠኝ» ተብሎ ይመጣል። መርፌ ይፈለጋል። ከሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሽሮፕ ይገዛል፤ ሁለቱም ውስጣቸው ፓራሲታሞል መሆኑ ሳይታወቅ በአንድ ላይ ይሰጣሉ።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ የሕፃናቱ ጠብታ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም፣ የትልልቆቹ ልጆች ሽሮፕ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 160፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር 32 ነበር። ለትንንሾቹ የተሠራው ከትልልቆቹ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ ሕፃን ብዙ ፈሳሽ ስለማይውጥ በጥቂት ፈሳሽ በቂ መድኃኒት ለመስጠት ነው። ወላጅ ግን የሕፃን መድኃኒት የቀለለ ይመስለዋል፤ ማን ተቃራኒውን ይገምታል? በዚህ የተጎዱ ሕፃናት ነበሩ። በዚያ ዓመት አምራቾቹ ጠብታውን ትተው ሁሉንም በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ለማድረግ ወሰኑ። አሮጌውና አዲሱ ለጊዜው ጎን ለጎን መደርደሪያ ላይ ስለቆዩ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ቁጥሩን እንዲያነቡ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እነሱ ወደ አንድ ጥንካሬ ሲመጡ እኛ እዚህ አሁንም አራቱንም እንደረድራለን። በዚያ ላይ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት በሻንጣ ያመጣችው ጠርሙስ፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ጠርሙስ ይጨመራል። የይፋት ልጅ ያልተሰደደበት አገር የለምና፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት አገር የተሠራ የትኩሳት ሽሮፕ ማግኘት ብርቅ አይደለም። በጽሑፉም በቁጥሩም አይመሳሰሉም።

ሌላው የሚያንገበግበኝ «ሚሊ» ነው። ሚሊ ግራሙም ሚሊ ሊትሩም በአፍ «ሚሊ» ይባላል። «መቶ ሚሊ ታዘዘላት»፣ «አምስት ሚሊ ስጣት»፣ «የመቶ ሃያ ሚሊውን ስጠኝ»። የመጀመሪያው የመድኃኒት ብዛት ነው፤ ሁለተኛው የፈሳሽ ልክ ነው፤ ሦስተኛው የጠርሙሱ ጥንካሬ ይሁን የጠርሙሱ መጠን አይታወቅም። በስልክ ሲነገር ደግሞ ይብሳል። የሕክምና ሰዎች ፈሳሹን «ሲሲ» ሲሉት ቢያንስ ይህ ግርታ ይቀራል፤ አንድ ሲሲ ያው አንድ ሚሊ ሊትር ነው። ማዘዣ ላይ ግን ሙሉ ቃሉን መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ከፓራሲታሞል ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ክሎሮኪን ነው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ለተገኘበት ሕፃን ኪኒኑ ስለሚያስቸግር ሽሮፑ ይታዘዛል። መጠኑ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 5 ሚሊ ግራም ነው። ይህ አሥር የሚቆጠረው ግን በቤዝ ነው፤ ማለትም መድኃኒቱ ከተጣበቀበት ጨው ተለይቶ ዋናው ክሎሮኪን ብቻ ሲቆጠር። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ቤዝ ይይዛል። ያው ሽሮፕ ከነጨው ሲቆጠር ደግሞ 80 ሚሊ ግራም ክሎሮኪን ፎስፌት ይሆናል። አንዱ አምራች ጠርሙሱ ላይ 50ን ይጽፋል፣ ሌላው 80ን ይጽፋል፣ ጠንቃቃው ሁለቱንም ይጽፋል። ውስጡ ያለው ግን አንድ ነው።

ያቺው የሰባት ኪሎ ሕፃን ትምጣ። በመጀመሪያው ቀን 70 ሚሊ ግራም ቤዝ ያስፈልጋታል። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ቤዝ ስላለ 7 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን 3.5። የጤና ጣቢያው ሠንጠረዥ ለመለኪያ እንዲመች ቁጥሩን ሊያጠጋጋው ይችላል፤ ያ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ጠርሙሱ ላይ 80 ያየ ሰው 70ን በ80 ሲያሰላ ነው። 4.4 ሚሊ ሊትር ይወጣለታል። ሕፃኗ ከሚያስፈልጋት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ አገኘች፤ ወባው አይጠፋም፣ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ያተኩሳታል። በተቃራኒው ማዘዣው ላይ ከነጨው 112 ሚሊ ግራም ተጽፎ፣ ጠርሙሱ ላይ 50 ያነበበ ሰው ቢያሰላው 11.2 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ለአንድ ኪሎ 16 ሚሊ ግራም ቤዝ ነው። ክሎሮኪን ደግሞ እንደ ፓራሲታሞል ለስህተት ሰፊ ቦታ የለውም፤ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 20 ሲያልፍ ይመርዛል፣ 30 ሲደርስ ልብን አቁሞ ሊገድል ይችላል። እናትየው ልጄ ተፋችው ብላ ያንኑ ደግማ ብትሰጥ የት እንደሚደርስ ማሰብ አይከብድም።

ጥንካሬው በፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥም ይለወጣል። የአሞክሲሲሊን ዱቄት ጠርሙስ ይህ ነው። ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 125» የሚለው የሚሠራው ውኃው እስከ ምልክቱ ሲሞላ ነው። የመቶ ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ 2500 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ። ውኃው መቶ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ አምስት ሚሊ ሊትር 125 ይሆናል። ሰማንያ ላይ የቆመ ከሆነ 156 ይሆናል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ተሞልቶ 120 ቢደርስ 104 ይሆናል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተው አረፋው ነው። ዱቄቱ ሲመታ አረፋ ይነሳል፤ አረፋው ምልክቱን ሲነካ ሞላ ይባላል፤ ሲተኛ ፈሳሹ ከምልክቱ በታች ነው። ስለዚህ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ መጀመሪያ በግማሽ ይጨመርና ይመታል፣ አረፋው እስኪተኛ ይጠበቃል፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ይሞላል። እኔ እዚሁ ቀላቅዬ ልስጥ ስል «ቤቴ ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ይፈስብኛል» ይባላል። እሺ፣ ግን ቢያንስ አሠራሩን ቆማችሁ ስሙኝ።

የተቀላቀለው ደግሞ ይዘቅጣል። ከመቅዳት በፊት ካልተመታ ላይኛው ቀጭን፣ ታችኛው ወፍራም ይሆናል። መጀመሪያ ቀን ሕፃኑ ውኃ ብጤ ይጠጣል፤ በመጨረሻው ቀን ጠርሙሱ ሲዘነበል ጠንካራው ይደርሰዋል። እንደ ሸዋሮቢት ባለ ሙቀት ፍሪጅ በሌለበት ቤት የተቀላቀለ አሞክሲሲሊን ከሰባት ቀን በላይ አይቀመጥም። ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጣል፣ የተረፈው ይደፋል። ለሚቀጥለው ሕመም አይቆይም፤ ለጎረቤት ልጅም አይሰጥም።

ስለ ማንኪያው አልናገርም ብዬ ነበር፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የሻይ ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል። 4.2 የሚለውን ደግሞ በየትኛውም ማንኪያ መለካት አይቻልም። ባለ አምስት ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በየ0.2 መስመር አለው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። መርፌውና ክዳኑ ይጣላሉ፣ ፈሳሹ ይቀዳል፣ በሕፃኑ ጉንጭ ውስጥ ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል። ስሸጥ መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። እናትየው ማንበብ ባትችል እንኳ «እዚህ ድረስ» ይገባታል። ግን ያ ምልክት ለዚያ ጠርሙስ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ሲለወጥ ምልክቱ ይለወጣል፤ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ደጋግሞ መናገሩም ሰልችቶኛል፤ ግን አላቆምም።

ማዘዣ የምትጽፉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ አንድ ማንኪያ በቀን ሦስት ጊዜ» አትጻፉልን። የልጁን ኪሎ ጻፉ፤ ሚሊ ግራሙን ጻፉ፤ የጠርሙሱን ጥንካሬ ጻፉ፤ የሚቀዳውን ሚሊ ሊትር ጻፉ። ክሎሮኪን ከሆነ ቤዝ መሆኑን ጨምሩ። አራቱ ካሉ፣ ያዘዛችሁት ጠርሙስ ጠፍቶ ሌላ ብሰጥ እንኳ እኔ እንደገና ማስላት እችላለሁ፤ «አንድ ማንኪያ» ብቻ ከሆነ ግን የማሰላው ከምን ላይ ነው?

እናንተም እናቶችና አባቶች፣ ለሕፃን ሽሮፕ ልትገዙ ስትመጡ ቤት ያለውን ጠርሙስ ባዶም ቢሆን ይዛችሁ ኑ፤ የክትባት ካርዱንም ያዙ፣ ኪሎው እሱ ላይ አለ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰ ግን ወደ እኔ አትምጡ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።